«እኔን ነው የሚለው?»

ይህን የምጽፈው ስለ መሳሳብና ዝግመተ ለውጥ ለሌሎች ለማስተማር ለምትዘጋጁ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ዝግጅቱ ራሱ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዴቬንድራ ሲንግ ጥናት ጀመርኩ። ወንዶች የሴት ሥዕሎች ሲቀርቡላቸው ወገቧ ከዳሌዋ 0.7 ያህል የሆነችውን አብዝተው መረጡ። ይህ ቅርፅ የጤናና የመውለድ አቅም ምልክት ነው ተባለ። ቀጥዬ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የፔሩ ጥናት አነሳሁ። ከውጭው ዓለም ብዙም ያልተገናኙ የማትሲጌንካ ወንዶች ግን ወገበ ቀጭኗን እንደ በሽተኛ ቆጥረው ወፍራሟን መረጡ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ተከራከሩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ «ቲቸር፣ ይሄስ?» አለኝ። ሴቶችን በዘር ከፋፍሎ በውበት ደረጃ የሚያወጣ ግራፍ ነበር። ጥቁር ሴቶች ከታች ናቸው። «ተፈጥሮ ነው እኮ፤ ምን ይደረጋል?» አለ።

ግራፉን አውቀዋለሁ። የዝግመተ ለውጥ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሳቶሺ ካናዛዋ በግንቦት 2011 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጽሑፍ ነው። እንዴት እንደተሠራ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላየሁትም። ስለዚህ «ጸሐፊው አወዛጋቢ ሰው ነው» አልኩ። ልጁ ወዲያው «አወዛጋቢ ማለት ተሳስቷል ማለት ነው?» አለኝ። ልክ ነበር። መልሴ መልስ አልነበረም። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ቀስ ብላ «እኔን ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም ሳልላት ሰዓቱ አለቀ።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሳማክረው «ሳይንሱን ብቻ አስተምር፣ ሌላው ውስጥ አትግባ» አለኝ። አሁንም ያናድደኛል። ግራፉ «ሳይንስ ነው» ተብሎ አይደል እንዴ የመጣው?

ያን ቀን ማታ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ቁጥሩ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ተከተልኩት። ዳታው አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን ለዓመታት ከተከታተለ ትልቅ የጤና ጥናት የተወሰደ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ቃለ መጠይቁን ሲጨርስ ያነጋገረው ሰው ምን ያህል ማራኪ እንደሆነ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ያ ነው እንግዲህ «ውበት» የተባለው። ካናዛዋ ለአንድ ሰው በተለያየ ጊዜ የተሰጡትን ሦስት ነጥቦች፣ የጋራ ድርሻቸውን ነጥሎ በሚያወጣው ፋክተር አናሊሲስ በሚባል ስሌት አዋሕዶ፣ የግለሰቦች ስህተት ስለተጣራ ውጤቱ ከተመልካች ነፃ የሆነ ውበት ነው አለ።

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ሦስት ሚዛን አለ እንበል። አንዱ ትንሽ ቢጨምር፣ ሌላው ትንሽ ቢቀንስ፣ ሲደመሩ ስህተታቸው ይጠፋፋል። ሦስቱም ግማሽ ኪሎ የሚሰርቁ ከሆነስ? ስሌቱ ስርቆቱን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ሦስቱ የተስማሙበት እውነት አድርጎ ያወጣዋል። ነጥብ ሰጪዎቹ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ማስታወቂያና ፊልም ያደጉ ሰዎች ናቸው። የጋራ ዝንባሌያቸው በየትኛውም ማጣሪያ አይወጣም።

ካናዛዋ ለልዩነቱ ምክንያት ያደረገው ቴስቶስትሮንን ነው። የሴቶቹን ቴስቶስትሮን ግን አልለካም። መጀመሪያ ውጤት ይዞ ኋላ ታሪክ መፈለግ ማለት ይህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጄልቴ ዊቸርትስና ስኮት ባሪ ካውፍማን ዳታውን መልሰው ሲመረምሩ፣ ነጥብ ሰጪዎቹ እርስ በርስ ብዙም እንደማይስማሙ አዩ። ሴቶቹ አዋቂ ከሆኑ በኋላ በተሰጠው ነጥብ ደግሞ ያ ልዩነት አልታየም። ጽሑፉ ከወጣበት ድረ ገጽ ተነሣ። የሚሠራበት የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስም በባለሙያ በማይገመገሙ መድረኮች ላይ ለ12 ወራት እንዳይጽፍ ከለከለው።

በጣም የቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መልሱ እኔው በማስተምረው ትምህርት ውስጥ ነበር። በዝግመተ ለውጥ ሐሳብ መሳሳብ የሚኖረው በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ነው። ሴቷ ጣዎስ የምትማረክበት ጅራት ለሴት ዝንጀሮ ምኗም አይደለም። ስለዚህ «ከተመልካች ነፃ የሆነ ውበት» የሚለው አባባል ለዝግመተ ለውጥ ራሱ ባዕድ ነው። ማትሲጌንካዎቹን ከአምስት ደቂቃ በፊት ጠቅሼ ይህን አለማገናኘቴ!

ምክሬ የኃላፊውን ተቃራኒ ነው። ግራፉን ተማሪ እስኪያመጣው አትጠብቁ፤ ራሳችሁ መጀመሪያ አምጡትና ከነጥብ አሰጣጡ ጀምራችሁ ፍቱት። 0.7 ይቆይ፣ ኋላ ይደርሳል። «አወዛጋቢ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጨርሶ አትጠቀሙባት፤ ለተሳዳቢው መውጫ ነች።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁሉንም እንዲህ አስረዳሁ። ስልኩን ያወጣው ልጅ ስለ ሚዛኖቹ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝና ማስታወሻ ያዘ። የፊተኛው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ልጅቷ ወደዚያ ክፍል አልተመለሰችም። ጥያቄዋን እስካሁን ለራሷ አልመለስኩላትም።