ካርዱ ከጣት ሲለቀቅ

ስክሪን ላይ በጣት ወደ ጎን እየተጎተተ ሲለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለስ ካርድ እየሠራሁ ነበር። መጀመሪያ የ300 ሚሊሰከንድ ትራንዚሽን ሰጠሁት። መመለሱንስ ይመለሳል፤ ግን በፍጥነት እየጎተትኩ ስለቀው ድንገት ቆሞ እንደ አዲስ ይነሳል። ጣቴ የሰጠው ፍጥነት የገባበት አይታወቅም። ስለዚህ ወደ ስፕሪንግ ዞርኩ። ስሌቱ ከፈራሁት በላይ አጭር ነው፦

```js
const a = -k * (x - target) - c * v;
v += a * dt;
x += v * dt;
```

`x` ካርዱ ያለበት፣ `target` የሚመለስበት ቦታ ነው፤ `v` ፍጥነቱ። `k` ስቲፍነስ ነው፣ ካርዱን ወደ ቦታው የሚስበው። `c` ደግሞ ዳምፒንግ፣ ማለትም ፍሬኑ። ክብደቱን 1 አድርጌዋለሁ። `dt` ካለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈው፣ በሰከንድ የተለካ ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። እኔ መጀመሪያ በየፍሬሙ `v *= 0.9` እያልኩ ነበር ፍሬን የምይዘው፤ 120 ኸርዝ ስክሪን ላይ ፍሬኑ በሰከንድ ሁለት እጥፍ ጊዜ ስለሚያዝ ካርዱ ጭቃ የገባ መሰለ።

ከዚያ ቁጥር ማስተካከል መጣ። `k` 300፣ `c` 20 ሰጥቼ ካርዱን 240 ፒክስል ጎትቼ አቆምኩትና ለቀቅሁት። ቦታውን በ26 ፒክስል ገደማ አልፎ ተመለሰ፤ ለእኔ ዓይን በዛ። `c`ን 28 ሳደርገው የሚያልፈው 3 ፒክስል ብቻ ሆነ፤ ዓይን አያየውም፣ ግን ካርዱ ሕይወት አለው። በዚህ ተደስቼ፣ ትንሽ ቀልጠፍ ይበል ብዬ `k`ን ብቻ 600 አደረግሁ። መወዛወዙ ተመልሶ መጣ! ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ አይነኩም ለካ። ጨርሶ ሳይወዛወዝ የሚያርፍበት ወሰን `2 * Math.sqrt(k)` ነው፤ ለ300 ከ34.6፣ ለ600 ከ49 ጋር እኩል ይሆናል። አሁን `c`ን በእጄ አልጽፍም፤ የወሰኑን 0.8 እጥፍ ኮዱ ራሱ ያሰላዋል፣ እኔ የምነካው `k`ን ብቻ ነው።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን የመልቀቂያው ፍጥነት ነው። ከመጨረሻዎቹ ሁለት `pointermove`ዎች ሳሰላው አንዳንዴ ዜሮ፣ አንዳንዴ የማይታመን ቁጥር ይወጣል፤ በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ በጣም ትንሽ ነውና። አሁን ጣት ከመነሳቱ በፊት ያሉትን 100 ሚሊሰከንዶች ብቻ ወስጄ የተጓዘውን ርቀት ለጊዜው አካፍላለሁ። ጣቱ ቆሞ ቆይቶ ከተነሳ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፣ መሆንም ያለበት ይኸው ነው። አንድ ቀን ሙሉ የበላኝ ሌላ ስህተትም ነበር፦ ፍጥነቱን በሚሊሰከንድ ለክቼ በሰከንድ ለሚጠብቅ ስሌት ሰጠሁት። ሺህ ጊዜ ስለሚያንስ ያው የድሮው ድንገተኛ መቆም ተመለሰ፤ እኔ ደግሞ ዳምፒንጉን ስወቅስ ዋልኩ።

ማቆሙም ዘዴ አለው። ካርዱ ከቦታው ግማሽ ፒክስል ውስጥ ሲገባ አቁም ብዬ ነበር፤ ለካ እየተወዛወዘ በመሃል ሲያልፍም እዚያው ይገባል፣ በሙሉ ፍጥነት እያለ ድርቅ ይላል። አሁን ርቀቱ ከ0.5 ፒክስል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ10 ፒክስል ሲያንስ ብቻ አቆማለሁ፤ ከዚያ `x = target` እላለሁ፣ አለዚያ ካርዱ በፒክስል ክፋይ ላይ ቀርቶ ጽሑፉ ሊደበዝዝ ይችላል።