ጡት እያጠባሁ ወደ ሩጫ ለመመለስ ስሞክር የሠራኋቸው ሁለት ስህተቶች

ከማርገዜ በፊት በሳምንት አራት ቀን እሮጥ ነበር። የእርግዝናውን ጊዜ ያለ ብዙ ችግር አሳለፍኩት፤ የተሳሳትኩት ከወለድኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የእርግዝናውን ነገር ባጭሩ ልለፈው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሰውነት የኃይል ፍላጎት ከወትሮው እምብዛም ስለማይጨምር፣ ማቅለሽለሹ የፈቀደልኝን ያህል ጥቂት በጥቂት ከመብላት በቀር የለወጥኩት ነገር አልነበረም። ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን 340 ካሎሪ ያህል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ 450 ካሎሪ ያህል መጨመር እንደሚያስፈልግ ሐኪሜ ስለነገረችኝ አንድ ተጨማሪ መክሰስ ጀመርኩ። እንቅስቃሴዬም በእሷ ፈቃድ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነበር፤ ልኩን ያለፍኩ መሆን አለመሆኔን የማውቀው እየተራመድኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ መናገር በመቻሌ ነው። ደም፣ የሽርት ውሃ፣ ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ቁርጠት ከታየኝ ወዲያው አቁሜ ወደ ሕክምና እንድሄድ ተነግሮኝ ነበር።

የወለድኩት በምጥ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ቁስሏ እስኪድን ድረስ የተለየ መመሪያ ያስፈልጋታል። በስድስተኛው ሳምንት ተመርምሬ «ደህና ነሽ» ስባል፣ ይህን ቃል ለሩጫ እንደተሰጠኝ ፈቃድ ቆጠርኩት፤ የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። ሁለተኛው ስህተቴ ደግሞ እርግዝናው ስላበቃ ተጨማሪው ምግብም አብሮ ማብቃት አለበት ብዬ ማሰቤ ነው። በሰባተኛው ሳምንት በሳምንት አራት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ መሮጥ ጀመርኩ። ልጄን ሳጠባ ቁርስ ይረፍድብኝ ነበር፤ ምሳንም ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ።

አሥረኛው ሳምንት ላይ ክብደቴ በሦስት ሳምንት ውስጥ 3 ኪሎ ያህል ቀንሶ ነበር። ማታ ማታ ከአልጋ ስነሳ ያዞረኛል፤ ከሮጥኩ ወዲህ ባለው ምሽት ደግሞ ከብልቴ አካባቢ አንድ ነገር ሊወርድ የፈለገ የሚመስል ክብደት ይሰማኛል፤ ስስል ሽንት ያመልጠኛል። ልጄም አመሻሹ ላይ በየሰዓቱ ልጥባ ማለት ስለጀመረ ወተቴ የቀነሰ መሰለኝና ወተቱን ይጨምርልኛል በሚል ውሃ በላይ በላዩ እጠጣ ጀመር።

የሄድኩባት የእናቶች ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሩጫው ሳይሆን የሦስት ቀን ምግቤን ነበር። ጽፌ ስወስድላት በአማካይ በቀን 1,700 ካሎሪ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚያም አብረን አሰላን። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን 750 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይወስዳል፤ በዚህ ወተት ውስጥ 500 ካሎሪ ያህል አለ፤ ሰውነት ወተቱን ለመሥራት የሚያወጣው ሲታከልበት ከ600 ያልፋል። ይህ ከእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ፍላጎት እንኳ ይበልጣል፤ እኔ ግን ምግቤን የቀነስኩት ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ለወትሮው ኑሮዬ 2,000፣ ለወተቱ 630፣ ሩጫ ባለበት ቀን ደግሞ 200 ካሎሪ ያህል ሲደመር ከ2,800 ይበልጣል። ስለዚህ በሩጫዬ ቀን ከ1,100 ካሎሪ በላይ ይጎድለኝ ነበር። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በሳምንት ወደ 1 ኪሎ መቀነሴ ከሒሳቡ ጋር ይገጥማል።

የልጄ ነገር ግን እንደፈራሁት አልነበረም። በቀን ከስድስት በላይ ዳይፐር በሽንት ያርሳል፤ ተመዝኖም በሳምንት 170 ግራም ያህል እየጨመረ መሆኑ ታየ፤ ይህም ለዕድሜው ጤናማ ነው። ወተቱ አልቀነሰም፤ ሰውነቴ ከእኔ እየወሰደ ለእሱ ይሰጥ ነበር እንጂ። አመሻሹ ላይ ቶሎ ቶሎ መጥባት በዚያ ዕድሜ የተለመደ መሆኑን፣ ከጥም በላይ የሚጠጣ ውሃም ወተት እንደማይጨምር ያኔ ተረዳሁ። የሕፃኑ ክብደት ባይጨምር ወይም የሚያርሳቸው ዳይፐሮች ቢያንሱ ኖሮ ግን ሌላ ምርመራ ያስፈልግ ነበር።

ለምግቡ ያደረግኩት መፍትሔ ቀላል ነው፦ ረሃብ ሳልጠብቅ፣ ልጄን በማጠባበት ወንበር አጠገብ አስቀድሜ ያዘጋጀሁትን እበላለሁ። በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር። ምሳና እራት ላይ ምስር ወይም ባቄላ አላጣም። በዚህ ሁኔታ ወደ 2,500 ካሎሪ ደረስኩ፤ ሩጫውን በእርምጃ ስለተካሁት ጉድለቱ በቀን ወደ 200 ገደማ ሆነ። ክብደቴ ከዚያ በኋላም ቀንሷል፤ ነገር ግን በአምስት ሳምንት 1 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ማዞሩ በሳምንቱ ጠፋ። ካልጠፋ የደም ማነስ ምርመራ ማድረግ እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበር።

ከብልቴ አካባቢ የሚሰማኝ የክብደት ስሜትና የሚያመልጠኝ ሽንት ግን በምግብ አልጠፉም፤ የእነርሱ ምክንያት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች፣ ማለትም ማህፀንን፣ ፊኛንና ደንዳኔን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች፣ መዳከማቸው ነው። እነዚህን ጡንቻዎች የማጠንከር እንቅስቃሴ ከወለድኩ ጀምሮ እሠራለሁ ብዬ አምን ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ መርምራኝ ግን ሳጠብቅ ወደ ታች እየገፋሁ እንደነበር አሳየችኝ። «ሽንትና ፈስ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቢ፤ ትንፋሽሽን አታፍኚ፤ ቂጥሽንም አታጥብቂ» አለችኝ። በትክክል ስሠራው አራት ሰከንድ እንኳ መያዝ ከበደኝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አሥር ረጃጅም፣ ቀጥሎም አሥር ፈጣን መጨበጥና መልቀቅ እሠራ ነበር፤ አሥር ሰከንድ መያዝ የቻልኩት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ጡንቻውን በትክክል ማጥበቄን ለማወቅ ሽንት እየሸናሁ መሃል ላይ ማቋረጥን ልማድ እንዳላደርግም አስጠነቀቀችኝ፤ ፊኛ በሚገባ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋልና።

ሩጫ ከወሊድ በኋላ ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ቢቆይ እንደሚመረጥ የነገረችኝ እሷ ናት። ሳምንቱ ቢሞላም መጀመሪያ ሰላሳ ደቂቃ መራመድ፣ በአንድ እግር አሥር ሰከንድ መቆም፣ አንድ ደቂቃ ባለሁበት ሶምሶማ መርገጥና በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ መዝለል ነበረብኝ፤ ይህ ሁሉ ያለ ሕመም፣ ያለዚያ የክብደት ስሜትና ያለ ሽንት ማምለጥ። እኔ ያለፍኩት በ17ኛው ሳምንት ነው፤ ዝላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ሳይሳካልኝ ተመልሻለሁ።

ከዚያ አንድ ደቂቃ እየሮጥኩ ሁለት ደቂቃ እየተራመድኩ ለሃያ ደቂቃ ጀመርኩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እያሳለፍኩ። ከመውጣቴ በፊት አጠባለሁ፤ ጡት ጋቶ መሮጥ ያማል፤ ደጋፊ የሆነ የስፖርት ጡት ማስያዣም አስፈላጊ ነው። ውጤቱን የምመዝነው እየሮጥኩ ሳይሆን በዚያው ምሽት ነው፤ ክብደት ከተሰማኝ ወደ ቀደመው ሳምንት እመለሳለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሩጫውን ወደ ሦስት ደቂቃ ስጨምር ክብደቱ ተመለሰ፤ ወደ ሁለት ደቂቃ ወርጄ አሥር ቀን ቆየሁ፤ እንደገና ስጨምር አልተመለሰም። ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ የሮጥኩት ልጄ ስድስት ወር ተኩል ሲሆነው ነው፤ በዚያ ቀን መክሰሴን አንድ እጥፍ ጨምሬ ነበር።