ግማሽ ዋጋ የጠየቀኝ ስልክ

ጠባሴ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ድንጋይ ላይ አረፈ። ሳነሣው አንዲት ስንጥር ብቻ ናት ያለችው። ተመስገን ልል ስል ስክሪኑ ጠቆረና በግራ በኩል አንድ አረንጓዴ መስመር ቀረ። ሲደወልልኝ ይጮኻል፣ ማንሣት ግን አልችልም።

ስልኩ ሳምሰንግ ኤ32 ነው፤ በፈረንጆች 2021 የወጣው። በማግስቱ እዚያው ደብረ ብርሃን ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ኦሪጅናል ስክሪን 8,500፣ የእጅ 700» አለኝ። ተመጣጣኝ አዲስ ስልክ 24,000 ብር ነበር። ላስጠግነው ወሰንኩ ማለት ይቻላል፤ ደግነቱ ልጁ አልቸኮለም።

መጀመሪያ ጀርባውን ከፈተና ለሙከራ የሚያስቀምጠውን አሮጌ ስክሪን ሳይለጥፍ ገመዱን ብቻ ሰካው። ስልኩ በራ! ይህን ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ቁልፉን ከፍቼ የእናቴን ፎቶዎችና የስልክ ቁጥሮቼን በሙሉ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጥኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢጣልም ቆጨኝ የምለው ነገር አልቀረም፤ በረጋ ልብ ማሰብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ቀጥሎ መደወያው ላይ `*#0*#` ጻፈ። ሳምሰንግ ላይ ይህ የመፈተሻ ገጽ ይከፍታል፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ንዝረቱን አንድ በአንድ ሞከርን። ሁሉም ደህና ነው።

ባትሪው ግን ደህና አልነበረም። ልጁ አውጥቶ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀመጠውና በጣቱ ገፋ አደረገው፤ እንደ እንዝርት ዞረ። ጤነኛ ባትሪ ጠፍጣፋ ስለሆነ እንዲህ አይዞርም። የተነፋ ባትሪ ስክሪኑን ከውስጥ ስለሚገፋው፣ ያን 8,500 ብር የማወጣበትን ስክሪን በላዩ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነበር። የባትሪው ዋጋ 1,800 ሲጨመር ሒሳቡ 11,000 ሆነ፤ የአዲሱ ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ሰዎች «ግማሽ ከደረሰ ተወው» ይላሉ። እኔ ግን ግማሽ የሚለው ብቻውን ምንም አልነገረኝም። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ በወር አካፈልኩት። አዲሱ አራት ዓመት ቢያገለግለኝ በወር 500 ብር ይደርስብኛል ማለት ነው። ስለዚህ በ11,000 የተጠገነው 22 ወር ካልቆየ ኪሳራ ነው። ይቆያል? የቻርጀር ቀዳዳው መላላት ጀምሯል። ሳምሰንግ ቃል የገባው የአራት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያም በ2025 አብቅቷል፤ በስልኬ የባንክ ሥራ እሠራለሁና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። 22 ወር ይቆያል ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም።

በነጋታው «ርካሽ ስክሪን የለህም?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኢንሴል አለ፣ 3,500። አሻራ ግን አይሠራም፣ ጋሼ፤ በኋላ እንዳትጣላኝ» አለ። ምክንያቱን አስረዳኝ። የዚህ ስልክ አሻራ አንባቢ ከስክሪኑ ሥር ነው፤ ከጣት ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚያየው በስክሪኑ ውስጥ አሳልፎ ነው። ኢንሴል ስክሪን ከኋላው የራሱ መብራት ስላለው ያን ብርሃን ይጋርደዋል። ኦሪጅናሉ ጥቁር የሆነውን ቦታ ያጠፋዋል፤ ኢንሴሉ ግን ጥቁር ሲያሳይም ከኋላ ያበራል፤ ስለዚህ ባትሪ ይበላል። ይህን ሳይናገሩ የሚገጥሙ ስላሉ፣ የልጁን ሐቀኝነት ወደድኩለት።

ኢንሴሉ ከባትሪውና ከእጅ ዋጋው ጋር 6,000 መጣ። ለ12 ወር ብቻ ቢያቆየኝ ይበቃዋል። አስገጠምኩት።

አንድ ስሕተት ሠራሁ። ከመለጠፉ በፊት ቀለሙንና ንክኪውን ፈትሸን፣ ቻርጀር ሰክተን ግን አልሞከርንም። ቤት ገብቼ በገበያ የገዛሁትን ርካሽ ቻርጀር ስሰካው ስክሪኑ ሳልነካው ራሱን ይነካካ ጀመር፤ የባንክ ምስጢር ቁጥሬን ሁለት ጊዜ አሳሳተኝ። ስልኩ ጋር አብሮ በመጣው ቻርጀር ስሞክረው ጸጥ አለ። ርካሹ ቻርጀር ንጹሕ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፣ እንዲህ ያለው ስክሪን ደግሞ ያን አይችልም። አሁን ማንም ስክሪን ሲያስቀይር ካየሁ «ሙጫው ሳይነካው ቻርጀር ላይ አድርገህ ጻፍበት» እላለሁ፤ ከተለጠፈ በኋላ መመለስ ጭቅጭቅ ነው።

ቀትር ላይ፣ በደብረ ብርሃን ፀሐይ፣ ስክሪኑን ለማንበብ በእጄ ጥላ መሥራት አለብኝ። ባትሪውም አዲስ ሆኖ ሳለ ከማታ ቀድሞ ያልቃል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የገባሁበት፤ አላማርርም። በየወሩ 500 ብር ለብቻ አስቀምጣለሁ። ዘጠነኛ ወሩን ይዟል።