«ይህን ስታነቢ ምን ይታያል?»

ፊልሙ የ3 ደቂቃ ነበር። ስለ እጥብ ቡና ነው፣ ከለቀማ እስከ ማድረቂያ አልጋ። ቀረጻው ሲዳማ፣ በኅዳር። ትረካውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ እስከ ታች የወረደ አንድ ገጽ ድርሰት። አለቃችን አንብቦ «አሪፍ ነው፤ ምስሉን ካሜራማኑ ያውቀዋል» አለ። ወረቀቱ ለካሜራማኑ ተሰጠውና ጉዞ ሆነ።

ኤዲቲንግ የጀመርነው ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ኤዲተራችን በዕድሜም በሙያም ታላቃችን ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አስጠራኝና አንዷን ዓረፍተ ነገር በጣቱ አሳየኝ፦

«ከተፈለፈለ በኋላ ፍሬው ገና በሚያሙለጨልጭ ልባስ እንደተሸፈነ ወደ ማብላያ ገንዳ ገብቶ፣ እንደ አካባቢው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።»

«እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለኝ። በስልኩ ሰዓት ያዘ። 14 ሰከንድ።

«ይህን ስታነቢ ምን ይታያል?»

«ገንዳው» አልኩ።

«የቱ ገንዳ?»

የተቀረጸውን አብረን አየነው። መፈልፈያ ማሽኑ አለ። ሴቶቹ አልጋው ላይ ቡና ሲለቅሙ አለ፣ ያውም በጣም ብዙ። ገንዳው ግን የለም። ማጠቢያው ደግሞ ሥራ አቁሟል፤ እሸት ቡና የሚገኘው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ጋሼ አልተቆጣም። ባዶ ወረቀት አወጣና መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች አሰመረበት። ግራው «ምስል»፣ ቀኙ «ድምፅ»። ሌላ ብልሃት የለውም። በአንድ ረድፍ ያለው ሁሉ፣ የሚታየውም የሚሰማውም፣ በአንድ ጊዜ ይሄዳል ማለት ነው። ያቺን የኔን ዓረፍተ ነገር አብረን እንዲህ በታተንናት፦

| ምስል | ድምፅ |
|---|---|
| መፈልፈያው ሲሠራ። ክሎዝ አፕ፦ ፍሬው ከማሽኑ ሲወጣ። (4 ሰከንድ) | የማሽኑ ድምፅ ብቻ። |
| ገንዳው ከላይ። ከዚያ እጅ ፍሬውን ሲያሽ። (8 ሰከንድ) | ተራኪ፦ ገንዳ ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲያሹት የሚሻክር ከሆነ፣ ደርሷል። |
| ሠራተኞች ቦዩ ውስጥ ሲያጥቡ። (6 ሰከንድ) | ተራኪ፦ ልባሱ ሲለቅ ይታጠባል። ከዚያ የውሃው ድምፅ። |

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ሁለተኛውን ረድፍ ልብ በሉ። ግራው እጅ ሲያሽ ያሳያል። ቀኙ «እጁ ያሻል» አይልም፤ ያንንማ ተመልካቹ እያየው ነው። የሚለው ምስሉ ሊናገር የማይችለውን ነው፦ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ መድረሱ በምን እንደሚታወቅ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ደግሞ ተራኪው ጭራሽ ዝም ይላል። እኔ በድርሰት ስጽፍ ዝምታን የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም።

የግራው ዓምድ ባዶ ሆኖ ቀኙ ከሞላ፣ ያ ረድፍ ገና አልተጻፈም። ካሜራማን ይዞት የሚወጣው ግራውን ነው። የኔ ወረቀት ላይ ደግሞ ግራ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሰዓቱን በቃል ቁጥር አትገምቱ። ለእንግሊዝኛ የሚነገረው «በደቂቃ 150 ቃል» ለአማርኛ አይሠራም። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፣ ግን ስንቱን ተሸክሟል! ጮክ ብሎ አንብቦ በሰዓት መያዝ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሌላው የአማርኛ ጉዳይ ማሰሪያ አንቀጹ ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም «ይታጠባል» እስኪባል ምስሉ አልጋ ላይ ደርሶ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ጋሼ አንዷን ሦስት ያደረጋት።

ፊልሙ ያለ ገንዳ ወጣ። ሁለተኛውን ረድፍ ሰረዝነው። ቡናው ከማሽን በቀጥታ ወደ ማጠቢያ ቦዩ ዘለለ፤ ቡና የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚያየው ጉድለት ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን ግምገማው ነው። አለቃችን «ገንዳ ሳይቀርጽ የሚመጣ ካሜራማን ምን ይባላል?» አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ወደ እኔ አየ። ወረቀቱ የኔ ነበር፣ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ኅዳር ከዚያው ካሜራማን ጋር ለሌላ ሥራ ወጣን። ሁለት ዓምዱን ስክሪፕት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ግራውን በእስክርቢቶ እየነካ ያነባል። ሐዋሳ ሳንደርስ «የዚያን ጊዜው ጥፋት የኔ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ያኔ ብትይው ኖሮ ጥሩ ነበር።»