ኢንኮደሮቹ እኩል እየቆጠሩ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ሲስብ

በሁለት ሞተር የሚነዳ ሮቦት ቀጥ ብሎ ሂድ ሲባል ወደ ጎን ከሳበ፣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያደርገው የፈጠነውን ሞተር ኃይል በኮድ መቀነስ ነው። ለአንድ ፍጥነትና ለአንድ የባትሪ መጠን ይሠራል። ባትሪው ትንሽ ሲወርድ ወይም ፍጥነቱ ሲቀየር ሮቦቱ እንደገና ይስባል። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ስለሚከብደው ጉዳይ ነው። የጎማውን መዞር የሚቆጥር ኢንኮደር ተገጥሞለታል፣ የማስተካከያ ኮድ ተጽፎለታል፣ ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ጎማዎች ቁጥር እኩል ነው፤ ሮቦቱ ግን አሁንም ይስባል።

የሠራሁበት ሮቦት አእምሮው አርዱኢኖ ኡኖ፣ የሞተር ድራይቨሩ ኤል 298 ኤን ነው። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ሞተሮች 34 ለ 1 ጊር አላቸው። ከኋላቸው ያለው ማግኔታዊ ኢንኮደር የሞተሩ ዘንግ አንዴ ሲዞር 11 ፐልስ፣ ማለትም 11 አጭር የኤሌክትሪክ ምት፣ ይሰጣል። ስለዚህ ጎማው አንድ ዙር ሲጨርስ 11 በ34 ሲባዛ 374 ፐልስ መቆጠር አለበት። ጎማው 65 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ስላለው ዙሪያው 204 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ፐልስ ማለት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 150 ሚሊ ሜትር። 2 ሜትር ሲሄድ ግማሽ ሜትር ገደማ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጥቂት ፐልስ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ከመፈለግ በፊት ስህተቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ማስላት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዓይን ያጋንነዋል። እንዲህ ያለ ሮቦት በእርግጥ ወደ ጎን አይሄድም፤ አንዱ ጎማ ትንሽ ይቀድምና አፍንጫው ይዞራል፣ ከዚያ በዞረበት ይቀጥላል። ወደ ጎን የወጣው ርቀት በግምት ይህ ነው፦ የተጓዘው መንገድ በሁለቱ ጎማዎች የመንገድ ልዩነት ተባዝቶ፣ በጎማዎቹ መካከል ባለው ርቀት እጥፍ ይካፈላል። በዚህ ሮቦት ላይ 1.5 በመቶ ልዩነት፣ ማለትም በ2 ሜትር ላይ 30 ሚሊ ሜትር፣ ሮቦቱን 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ያወጣዋል። ስለዚህ የምንፈልገው ትልቅ ብልሽት ሳይሆን ሦስት አራት በመቶ የምትሆን ጥፋት ናት፤ ያቺ ደግሞ ሲያዩዋት አትታይም።

ቀጥሎ ሮቦቱ የሄደበትን መስመር መሬት ላይ ማስቀረት ያስፈልጋል። የሸክላ ንጣፍ ወለል ላይ አስነሳሁትና ከኋላው ያሰርኩት ማርከር እንዲጽፍ አደረግኩ። የመስመሩ ቅርጽ ከርቀቱ በላይ ይናገራል። መስመሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጎብጥ ቅስት ከሆነ፣ አንዱ ጎማ ሁልጊዜ በተወሰነ መቶኛ ያንሳል ማለት ነው፤ ጥፋቱ ኢንኮደሩ ወይም ጎማው ላይ ነው። መነሻው ላይ ታጥፎ ከዚያ ቀጥ ካለ፣ ጥፋቱ አነሳሱ ወይም የማስተካከያ ኮዱ ነው። እዚህም እዚያም ድንገት የሚሰበር ከሆነ መንሸራተት፣ የኋላዋ ነጻ ጎማ መንቀርፈፍ፣ ወይም የላላ ሽቦ ነው። የእኔው ሁለቱም ነበረው፦ መነሻው ላይ ትንሽ ታጥፎ፣ ከዚያ ደግሞ እኩል ይጎብጣል።

ኢንኮደሩን ከሞተሩ በፊት መፈተሽ አለባችሁ። ሞተሮቹን የምናወዳድረው በኢንኮደሩ ቁጥር ስለሆነ፣ እሱ ከዋሸ ንጽጽሩ ሁሉ ዋጋ የለውም። እንዲያውም የማስተካከያ ኮዱ ውሸቱን ወደ መንገዱ ያስገባዋል። የቀኙ ኢንኮደር ከእውነቱ በላይ ከቆጠረ ኮዱ “ቀኙ ቀድሟል” ብሎ ያዘገየዋል፤ ሮቦቱም ወደ ቀኝ ይስባል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሩ እኩል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሮቦቱ የሚስበው ብዙ ወደሚቆጥረው ጎማ ነው።

ፈተናው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሮቦቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ጎማው ላይ በማርከር ምልክት ማድረግና ሞተሩ ሳይበራ በእጅ 10 ዙር ማዞር። 3740 አካባቢ መምጣት አለበት። በግልጽ የሚጎድል ከሆነ ማግኔቷ ዘንጉ ላይ ላልታለች ወይም ሽቦው እየተቋረጠ ነው። የእኔዎቹ ሁለቱም እዚህ ደህና ነበሩ። ብዙዎች ፈተናውን እዚህ ያቆማሉ፤ ግን በእጅ ስናዞር ሞተሩ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም፣ ረብሻም የለም።

ሁለተኛው ደረጃ በሞተር ነው። ቁጥሩ 3740 ሲደርስ ኮዱ ሞተሩን እንዲያጠፋ ማድረግ፣ ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ቁጥርና የምልክቱን ቦታ ማስተያየት። ግራው 3768 ላይ ቆመ። ከ10 ዙር 28 ፐልስ ያለፈ ስለሆነ ምልክቱ ከመነሻው 27 ዲግሪ ያህል ማለፍ አለበት፤ አልፏልም። ቀኙ 3771 ላይ ቆመ። ምልክቱ 30 ዲግሪ ማለፍ ሲገባው ከመነሻው 70 ዲግሪ ያህል ጎድሎ ነበር። የ100 ዲግሪ ልዩነት ማለት 104 የሌሉ ፐልሶች ተቆጥረዋል ማለት ነው፤ 2.8 በመቶ። ከላይ ባለው ስሌት ይህ ብቻውን በ2 ሜትር ላይ 37 ሳንቲ ሜትር ያህል ያወጣል፤ የጥፋቱ ትልቁ ክፍል ይህ ነበር።

የሌለ ፐልስ ከየት ይመጣል? የሞተሩ ብሩሽ እያንዳንዱ ንክኪ ላይ ትንሽ ብልጭታ ያወጣል፤ የኢንኮደሩ ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ ጋር አንድ ላይ ከታሰረ ያንን ረብሻ ይቀበላል። የቀኙ ሽቦዎች በአንድ ፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፍረው ነበር፤ የግራው ተለያይተው ያልፋሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ በሁለቱ የሞተር እግሮች መካከል ባለ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በቀጥታ ሞተሩ ላይ መበየድ፣ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ መግመድ፣ የኢንኮደሩን ሽቦ በሌላ በኩል ማሳለፍ። ከዚህ በኋላ የቀኙ ምልክት በትክክለኛው ቦታ ላይ ቆመ። በኮድ ውስጥ በጣም ተቀራርበው የሚመጡ ፐልሶችን መጣልም ይቻላል፤ እኔ ግን ሽቦውን ሳላስተካክል በኮድ መሸፈን አልወድም፤ ረብሻው ሌላ ቦታ ይወጣል።

ተቃራኒውም ጥፋት አለ፣ ቁጥር መጉደል። ኡኖ ላይ በቀጥታ ለኢንተራፕት፣ ማለትም ፐልስ እንደመጣ ኮዱን አቋርጦ ለመቁጠር፣ የተመደቡት ፒን 2 እና 3 ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ኢንኮደር እነሱ ላይ ማድረግ ይገባል። አንደኛውን ሌላ ፒን ላይ አድርጎ በዋናው ሉፕ ውስጥ ማንበብ አያዋጣም። በደቂቃ 132 ዙር የሚዞር ጎማ በየ1.2 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፐልስ ይልካል፤ በ9600 ፍጥነት ወደ ስክሪን የሚላክ አንድ ፊደል ግን ብቻውን 1 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል።

ኢንኮደሮቹ እውነት መናገር ሲጀምሩ ሞተሮቹን ማወዳደር ይቻላል። ጎማዎቹ በአየር ላይ ሆነው፣ ማስተካከያው ጠፍቶ፣ ሁለቱም ከ255 ውስጥ 150 ኃይል ተሰጥቷቸው በ5 ሰከንድ ግራው 4120፣ ቀኙ 3890 ቆጠሩ። ቀኙ 5.6 በመቶ ያንሳል። ወዲያው የሁለቱን ሞተር ሽቦ ድራይቨሩ ላይ ማቀያየር ጥሩ ነው። ድክመቱ ከሞተሩ ጋር ከሄደ ሞተሩ ነው፤ እዚያው ጎን ከቀረ ድራይቨሩ ወይም ፒኑ ነው። ፒኑ ስል፣ ኡኖ ላይ ፒን 5 እና 6 ኃይሉን በሰከንድ 980 ጊዜ ያህል ሲቆራርጡ 9 እና 10 ግን 490 ጊዜ ነው። አንዱን ሞተር 5 ላይ ሌላውን 9 ላይ ያደረገ ሰው ሁለት አንድ ዓይነት ሞተር ይዞ ልዩነት ይፈጥራል። የእኔው ከሞተሩ ጋር ሄደ። በተጨማሪ ግራው ከ48 ጀምሮ ሲንቀሳቀስ ቀኙ እስከ 61 ድረስ አይነቃነቅም ነበር፤ በአንድ ቁጥር ማባዛት በሁሉም ፍጥነት የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻው ላይ የነበረው መታጠፍ የመጣውም ከዚህ ነው። ኮዱ የሁለቱን ጠቅላላ ቁጥር ልዩነት በ0.4 አባዝቶ ከአንዱ ይቀንሳል፣ በሌላው ላይ ይጨምራል። ሞተሮቹ እኩል እንዲሆኑ ከእያንዳንዱ 5 መቀነስና መጨመር ካስፈለገ፣ ያንን 5 ለማግኘት ልዩነቱ ሁልጊዜ 12 ፐልስ ሆኖ መቆየት አለበት። 12 ፐልስ 6.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ150 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ 2.5 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። ሮቦቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግን አጋድሎ፤ 2 ሜትር ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መፍትሔው ልዩነቱን ከመነሻው በኃይሉ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ለግራው 145፣ ለቀኙ 155። ኮዱ ከዚያ የሚያስተካክለው ትርፍራፊውን ብቻ ነው። ሲነሳም ኃይሉን ከ70 ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር።

የቀረው ጎማው ነው። በፋብሪካ ሁለቱም 65 ይባላሉ። ሮቦቱን በሙሉ ክብደቱ መሬት ላይ አድርጌ በእጅ እየገፋሁ እያንዳንዱ ጎማ 10 ዙር ሲሄድ የተጓዘውን በሜትር ለካሁ፦ ግራው 2042፣ ቀኙ 2028 ሚሊ ሜትር። ዲያሜትሩን በካሊፐር መለካት ይህን አያሳይም፤ ጎማው ከክብደቱ ስር ይጨፈለቃል። 2028 ሲካፈል ለ2042 የሚሰጠውን 0.9931 ኮዱ ውስጥ ማስገባት ይበቃል፦

```
noInterrupts();
long l = countL, r = countR;
interrupts();
float e = l - 0.9931 * r;
int fix = constrain(0.4 * e, -40, 40);
analogWrite(5, 145 - fix);
analogWrite(6, 155 + fix);
```

ይህ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ይሠራል። ቁጥሮቹን ስናነብ ኢንተራፕት የምንዘጋው ባለ 8 ቢት ቺፕ አራት ባይት ያለውን ቁጥር በአንድ ጊዜ ስለማያነብ ነው። በመካከል ፐልስ ከገባ ቁጥሩ አንዳንዴ በ256 ዘሎ ይነበባል፣ ሮቦቱም ያለ ምክንያት ይወረወራል። `countL` እና `countR` ደግሞ `volatile` ተብለው መታወጅ አለባቸው።

አሁን በ2 ሜትር ላይ የሚቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በታች በኢንኮደር መውረድ አስቸጋሪ ነው፤ ኢንኮደር የሚያየው የጎማውን መዞር እንጂ ጎማው መሬቱን መያዙን አይደለም። አቧራማ ወለል ላይ ወይም የኋላዋ ነጻ ጎማ ጠማማ ቆማ ሲነሳ መስመሩ መጀመሪያው ላይ ይሰበራል። ከማስነሳት በፊት ሮቦቱን በእጅ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደፊት ገፋ ማድረግ ነጻ ጎማዋን ያስተካክላታል። ረጅም መንገድ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከተፈለገ ግን የሮቦቱን የራሱን መዞር የሚለካ ጋይሮስኮፕ መጨመር ግድ ነው።