ሁለት ድርጅት፣ ሁለት ቀነ ገደብ፦ የሥራ ፍለጋውን እንዴት እንዳቆምኩ

ማመልከቻ መላክ ከመጀመሬ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩ። አንደኛው ከዚህ በታች የማልቀበለው የተጣራ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው መሥራት የምፈልገው የሥራ ዓይነት፣ ሦስተኛው ደግሞ በቀጥታ የሚመራኝን ሰው ከመፈረሜ በፊት አግኝቼ ማነጋገሬ። ሦስቱንም የሚያሟላ የመጀመሪያው ኦፈር ሲመጣ ፍለጋው ያበቃል ብዬ ወሰንኩ።

ይህን ቀድሞ መጻፍ የሚጠቅመው ኦፈር እጅ ከገባ በኋላ መስፈርት ማውጣት ስለሚያስቸግር ነው። የጨነቀው ሰው መስፈርቱን በኦፈሩ ልክ ይሰፋዋል። ያልጨነቀው ደግሞ፣ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ የተሰጠውን አቅልሎ ያልመጣውን ያሳምራል። ከወረቀቱ ግርጌም አንድ መስመር ጨምሬ ነበር፦ ቁጠባዬ የሁለት ወር ወጪ ብቻ የሚሸፍን ሲሆን የደመወዙ ወለል በዚህን ያህል ይወርዳል የሚል። ወለሉ የሚወርድበትን ጊዜ በተረጋጋ አእምሮ መወሰን፣ በጭንቀት ቀን ከመወሰን እጅግ ይለያል።

ከመጡት የመጀመሪያዎቹን 37 በመቶ አሳልፈህ ከዚያ በኋላ ከነሱ የሚበልጠውን የመጀመሪያውን ያዝ የሚል የታወቀ የሒሳብ መርህ አለ። አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ እንድሄድ መክረውኝ ነበር። መርሁ የቆመው ግን ስንት ዕድል እንደሚመጣ አስቀድሞ በሚታወቅበት፣ ያለፈውም በማይመለስበት ሁኔታ ላይ ነው። ግቡም ከሁሉ የበለጠውን ማግኘት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ምርጥ እንደ ምንም ይቆጠራል። ለሥራ ፈላጊ ሁለተኛው ምርጥ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ስንት ኦፈር እንደሚመጣም ማንም አያውቅም። ስለዚህ የራሴን ወለል ይዤ ቀጠልኩ።

ከዚያ የአንደኛው ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ደረሰ። ሦስቱንም መስፈርት ያሟላል፤ መልስ የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ማታ ነው። ችግሩ፣ ከሁለተኛው ድርጅት ጋር የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ለቀጣዩ ማክሰኞ ተቀጥሯል። ሁለተኛው በደመወዝ ይሻላል፣ ሥራውም ወደ ልቤ ይቀርባል። በዚያ ላይ የያዝኩት የኮንትራት ሥራ በወሩ መጨረሻ ያልቅ ስለነበር፣ ሁለቱንም ካጣሁ የምመለስበት ደመወዝ የለም።

እንዲህ ባለ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱን ቀኖች ማቀራረብ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ መደወል ያለብን ዘግይቶ ለሚወስነው ድርጅት ነው። የእነሱን ቀን ሳናውቅ ለመጀመሪያው ድርጅት «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ብንል ስንት ቀን እንደምንፈልግ እኛም አናውቅም፤ ደግመን ለመጠየቅ ስንመለስ ደግሞ እየተጓተትን እንደሆነ ይሰማቸዋል።

ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት ለሁለተኛው ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ደወልኩ። «በጽሑፍ የመጣልኝ ኦፈር አለ፤ እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ። ምርጫዬ እናንተ ጋር መሥራት ስለሆነ ነው ቀድሜ የነገርኳችሁ። ቃለ መጠይቁን በዚህ ሳምንት ማድረግ ይቻል ይሆን?» አልኳት። የሌላኛውን ድርጅት ስምም ሆነ የደመወዙን መጠን አላነሳሁም። ስምና መጠን ሲጠራ ንግግሩ ከቀን ወደ ድርድር ይዞራል፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገኝ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ መልሳ ደወለች። «ሐሙስ ልናነጋግርዎ እንችላለን፤ ውሳኔው ግን የዳይሬክተሩ ፊርማ ስለሚያስፈልገው ከረቡዕ በፊት አይወጣም» አለችኝ።

አሁን የምጠይቀው ቀን ታወቀ። ለአንደኛው ድርጅት ደወልኩ፤ በኢሜይል ያላደረግኩት በድምፅ ሲሆን ቅን ፍላጎት ስለሚሰማና መልሱም ወዲያው ስለሚገኝ ነው። ኦፈሩን በደስታ እንደማየው፣ ነገር ግን የጀመርኩትን ሌላ ሂደት በአግባቡ መዝጋት ስላለብኝ እስከ ረቡዕ ማታ እንዲጠብቁኝ ጠየቅኩ። እስከ ሰኞ ቀትር ፈቀዱ። ወዲያው የተስማማንበትን ቀን ጠቅሼ አጭር ኢሜይል ላክሁላቸው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ቁርጥ ያለ ቀን ይዞ በትሕትና ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ቅር አያሰኝም። በተቃራኒው ውሉን አንብበህ ጨርስ ብሎ አንድ ቀን እንኳ የማይሰጥ ቀጣሪ ካጋጠመ፣ ከገባን በኋላ የሚጠብቀንን ከወዲሁ ያሳያል።

ቀኖቹ ተቀራረቡ እንጂ አልገጠሙም፤ በሰኞና በረቡዕ መካከል ክፍተት ቀረ። ሐሙስ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ በቀጥታ ጠየቅኩ፦ «ለዚህ ቦታ ስንት ዕጩ ቀርተናል?» ሦስት መሆናችንን ነገሩኝ። ጥሩ ነበርክ የሚል ፊት ይታይ ነበር፣ ግን ፊት ኦፈር አይደለም። ዕድሌን ከሦስት አንድ ያዝኩ።

ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ነገሩን በወር ደመወዝ አሰላሁት። ሁለተኛው ድርጅት የጠቆመው ደመወዝ ከአንደኛው በ15 በመቶ ይበልጣል፤ በአንድ ዓመት ልዩነቱ 1.8 የወር ደመወዝ ነው። አንደኛውን ትቼ ሁለተኛውም ከቀረ፣ ተመጣጣኝ ሥራ እስካገኝ ሦስት ወር ይፈጃል ብዬ ገመትኩ፤ ይህ ሦስት ሙሉ ደመወዝ ነው። እንግዲህ ብጠብቅ የማተርፈው የ1.8 ሲሶ፣ ማለትም 0.6 የወር ደመወዝ ሲሆን የማጣው የሦስት ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 2 የወር ደመወዝ ነው። መጠበቅ በአንድ ዓመት ሒሳብ የሚያዋጣው ዕድሌ ከ62.5 በመቶ በላይ ቢሆን ነበር። ሁለት ዓመት ብቆይ ብዬ ሳሰላው እንኳ 45 በመቶ ገደማ ያስፈልገኝ ነበር። ሲሶ ዕድል ከሁለቱም ያንሳል።

ይህ ስሌት የሚለወጠው መመለሻ ሲኖር ነው። ቋሚ ሥራ ላይ ሆኖ የሚፈልግ ሰው ኦፈሩን ቢያጣ ደመወዙ አይቋረጥም፤ የሚያጣው በኦፈሩና በአሁኑ ሥራው መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ በዝቅተኛ ዕድልም መጠበቅ ሊያዋጣው ይችላል። የሥራው ጠባይም በደመወዝ ብቻ አይለካም። ለእኔ የሁለተኛው ሥራ ይዘት የ5 በመቶ ጭማሪ ያህል ያወጣል ብዬ ጨምሬ አሰላሁት፤ ውጤቱ ግን አልተለወጠም።

ሰኞ ጠዋት የፈረምኩትን ደብዳቤ ላክሁ። ደመወዙ፣ የሥራ መደቡ፣ የሙከራ ጊዜውና የምጀምርበት ቀን በቃል በተነጋገርነው መሠረት መጻፋቸውን አንድ በአንድ አይቻለሁ። መቀበላቸውን በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልኝ ድረስ ለሁለተኛው ድርጅት አልደወልኩም። ማረጋገጫው እንደደረሰ ግን ያን ሰዓት ደውዬ ከውድድሩ መውጣቴን ነገርኳት፤ ቦታው ለቀሩት ሁለት ዕጩዎች እንዲታሰብ። ቃለ መጠይቁን ስላፋጠኑልኝም አመሰገንኩ። «ዳይሬክተሩ ረቡዕ እርስዎን ቢመርጡስ?» ስትለኝ መልሱን ቅዳሜ አስቤበት ስለነበር አላመነታሁም፦ ፈርሜያለሁ፣ ስለዚህ ያኔም ቢሆን እዚያው ነኝ አልኳት። በዚያው ዕለት በሂደት ላይ ላሉት ሌሎች ማመልከቻዎችም የመውጫ ኢሜይል ላክሁ።