የአባቴን ዓይን የበላው የአቧራ ማጥፊያ

አባቴ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር። ማተም ግን አይወድም። ከሱ የቀረን አንድ የጫማ ካርቶን ነጌቲቭ ነው፦ 11 ቁራጭ ጥቁርና ነጭ፣ 40 ገደማ ቁራጭ ከለር፣ 60 የሚሆን ስላይድ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ 6 ፎቶ አለ።

ሁሉንም ሰብስቤ ለፎቶ ቤት ሰጠሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ምርጫ ነበር፣ ተራ ስካን እና ትልቅ ስካን። ተራው 1800 በ1200 ፒክስል ነው። አሥር በአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ለሚታተም ፎቶ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ቢያሰፉት ይደበዝዛል። ትልቁን መረጥኩ። ከሥሩ ደግሞ "አቧራና ጭረት ማጥፊያ፣ በተጨማሪ ክፍያ" የሚል ሳጥን አለ። እሱንም ምልክት አደረግኩበት። አቧራ እንዲጠፋ የማይፈልግ ማን አለ? ጸጸቴ ከዚያች ሳጥን ይጀምራል።

ፋይሎቹ ሲመጡ በስልኬ አየኋቸው። አንጀት የሚያርሱ ነበሩ። ለእማዬ በኮምፒውተር ሳሳያት ግን አባቴ ቼክ ጃኬት ለብሶ በር ላይ የቆመበት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። "የአባትህን ዓይን ምን አደረጋችሁት?" አለችኝ።

አጉልቼ አየሁት። እውነቷን ነው። የመነጽሩ ጠርዝ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከጥላው ጋር ቀልጦ ተዋሕዷል። የጃኬቱ ቼክ አንዳንድ ቦታ አለ፣ አንዳንድ ቦታ አንድ ሰው በጣቱ እንዳሻሸው ጠፍቷል። ሌሎቹን ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ስከፍት በሙሉ እንደዚያው ናቸው። ከለሮቹ ግን ጥርት ያሉ ናቸው።

ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጁ ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ "ወንድሜ፣ ፊልሙ እኮ አርጅቷል" አለኝ። እኔም አመንኩት! ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ነጌቲቩን ወደ መስኮት አንስቼ ባየው መነጽሩ ሙሉ መሆኑ ይታየኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ዲጂታል አይስ የሚባለውና መሰሎቹ አቧራ ማጥፊያዎች ዓይናችን በማያየው ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ ነው የሚሠሩት። ስካነሩ ፊልሙን አንዴ በተራ ብርሃን፣ አንዴ በኢንፍራሬድ ያነበዋል። የከለር ፊልም ምስል የተሠራው ከማቅለሚያ ነው፣ ማቅለሚያ ደግሞ ኢንፍራሬድን ያሳልፋል። አቧራና ጭረት ግን ይከለክሉታል። ስለዚህ በኢንፍራሬዱ ላይ ጥቁር ሆኖ የታየው ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ያንን ቦታ ከጎኑ ባለው ነገር ይሞላዋል። ለከለር ግሩም ዘዴ ነው።

የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ግን የብር ቅንጣት ነው። ጌጥ የሚሠራበት ብር ማለቴ ነው። ብር ኢንፍራሬድ አያሳልፍም። እናም ማሽኑ ራሱን ፎቶውን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። የአባቴን መነጽር እንደ ጭረት አይቶ "ጠገነው"። ለዚህ ነው ተጨማሪ የከፈልኩት።

ይሄ ሚስጥር አይደለም፣ ስካነር የሚነካ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ የሚያመልጡት እንደ ከለር ፊልም የሚታጠቡት ጥቁርና ነጮች ናቸው፤ ለምሳሌ ጠርዙ ላይ ኤክስፒ2 የሚል የኢልፎርድ ፊልም። ስላይድ ከሆነ ደግሞ ክፈፉ ላይ ኮዳክሮም የሚል እንዳለ እዩ። እሱም ለኢንፍራሬድ አስቸጋሪ ስለሆነ አንዱን ሳትሞክሩ ሁሉንም አትስጡ።

ጥቁርና ነጩን ቤት ለመሥራት ወሰንኩ። ስካነር ልገዛ ስል ካርቶኑ ላይ 6400 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 6400 ነጥብ፣ የሚሉትን ጠፍጣፋ ስካነሮች አየሁ። አትታለሉ። ፋይሉ በእርግጥ ያን ያህል ይገዝፋል፣ ሌንሱ የሚለየው ዝርዝር ግን ከግማሹም በታች ነው። ካሜራ ስለነበረኝ ማክሮ ሌንስ ተዋስኩ። የፊልሙ አንድ ፍሬም 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ፍሬሙን ሞልታችሁ ካነሳችሁት 4000 ዲፒአይ አካባቢ ታገኛላችሁ፤ የፊልሙ ቅንጣት ራሱ ይታያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኤልኢዲ መብራት ሰሌዳ ከታች፣ ነጌቲቩ በመያዣው ከሰሌዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ካሜራው ከላይ ቁልቁል። የክፍሉ መብራት ይጥፋ። አይሶ 100፣ ኤፍ 8፣ ሮው ፋይል፣ በሰዓት ቆጣሪ። አቧራውን በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ አራግፉ፤ በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል።

ያስቸገረኝ ካሜራውን ከፊልሙ ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። ትንሽ ካዘመመ መሃሉ ይጠራና አንዱ ጥግ ይደበዝዛል። መላው መስታወት ነው። ነጌቲቩ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስታወት አጋድሙና በካሜራው እዩ። የሌንሱ ምስል ልክ ፍሬሙ መሃል እስኪመጣ ካሜራውን አስተካክሉ። አለቀ። ይሄን እስካውቅ ሁለት ምሽት ከውሃ ልክ ጋር ስታገል ነበር።

የፊልሙን ደብዛዛ ጎን ወደ ሌንሱ አዞርኩ፤ ምስሉ ያለው እዚያ ስለሆነ ይሻላል። ግን ያኔ ፎቶው ተገልብጦ ይወጣል። ረስቼው 30 ፎቶ ከሠራሁ በኋላ ነው የአባቴ ሰዓት ቀኝ እጁ ላይ መሆኑን ያየሁት።

የቼክ ጃኬቱ ፎቶ አሁን ሌላ ነው። የመነጽሩ ጠርዝ ሙሉ ነው፣ የጨርቁ ሽመና ሳይቀር ይቆጠራል። አቧራውም አለ፣ ብዙ አቧራ።

"ሁሉንም ቤታችሁ ሥሩት" የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ከለር ነጌቲቭ ቤት ሞክሬ ፊት ሁሉ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ ሆነብኝ። የፊልሙን ብርቱካናማ መደብ ማስወገድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዚያ ላይ ካሜራ ኢንፍራሬድ የለውም፣ እያንዳንዷ ጭረት በእጅ ነው። ለከለር ፎቶ ቤቱ ይበልጠኛል፣ ብቀየመውም። ስላይዶቹን ግን ቤት እሠራቸዋለሁ፤ ቀለማቸው ቀጥታ ስለሚወጣ አያስቸግሩም። ጨለማ ያሉትን ብቻ ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፣ አንዴ ለብርሃኑ፣ አንዴ ለጥላው።

አሁን ፎቶ ቤት ስሄድ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የምሰጠው። ፋይሉን በኮምፒውተር መቶ በመቶ አጉልቼ ጸጉር፣ መነጽርና የልብስ ጥለት አያለሁ፤ አቧራ ማጥፊያው ካበላሸ እዚያ ይታወቃል። ፖስታው ላይም በትልቁ እጽፋለሁ፦ "ጥቁርና ነጭ ካለ አቧራ ማጥፊያው ይዘጋ።" ባለፈው ልጁ አንብቦት "ለምን?" አለኝ።

ከ66ቱ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አቧራውን በእጅ ያጸዳሁት 41ዱን ነው። አንዱ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የቼክ ጃኬቱ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅቷል፤ እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ "እሷን ተዋት፣ እሷ ማድያት ናት" ስትለኝ።